የቀይ ሽንኩርት ማሳ ስንት ውሃ ይፈልጋል? የሰብል ውሃ ፍላጎት ስሌት ከአየር ጠባይ እስከ ፓምፕ

የሰብል ውሃ ፍላጎት የሚባለው ውሃ ያልጠማው፣ ማዳበሪያ ያላነሰውና በሽታ ያልነካው ሰብል በሚያድግበት ማሳ ላይ ወደ አየር የሚሄደውን ውሃ የሚተካ መጠን ነው። ውሃው ከማሳው የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከእርጥብ አፈር ገጽ በቀጥታ ይተናል። ሌላው በሥር ተስቦ፣ በግንድ አልፎ፣ በቅጠል ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል። ሁለቱን በማሳ ላይ ለያይቶ መለካት አስቸጋሪ በመሆኑ በመስኖ ትምህርት አንድ ላይ ይታሰባሉ፤ የጋራ መጠሪያቸውም ኢቫፖትራንስፓይሬሽን ነው። ከዚህ በኋላ «ትነት» ሲባል የሁለቱ ድምር ማለት ነው። ሰብሉ በአካሉ ውስጥ የሚያስቀረው ውሃ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከስሌቱ ውጭ ይተዋል።

መለኪያው ልክ እንደ ዝናብ በሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ነው፤ በአንድ ሄክታር ላይ ደግሞ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ትነትም ዝናብም መስኖም በአንድ መለኪያ ስለሚገለጹ ያለ ችግር ይደመራሉ፣ ይቀናነሳሉ።

የአንድ ማሳ ትነት በአየሩም በሰብሉም ይወሰናል። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ነፋስና የአየር እርጥበት በአንድ ወገን አሉ፤ የሰብሉ ዓይነት፣ ቁመቱና ዕድሜው በሌላው ወገን። እያንዳንዱን ሰብል በእያንዳንዱ ቦታ መለካት ስለማይቻል የመስኖ ባለሙያዎች ጥያቄውን ለሁለት ከፈሉት። መጀመሪያ አየሩ ከአንድ የታወቀ ሣር ላይ ምን ያህል ውሃ እንደሚወስድ ይሰላል፤ ይህ የማጣቀሻ ትነት ይባላል፤ ምልክቱ ETo ነው። ቀጥሎ የታሰበው ሰብል ከዚያ ሣር አንጻር ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ በአንድ ቁጥር ይገለጻል፤ ይህ የሰብል ኮፊሸንት ሲሆን ምልክቱ Kc ነው። የሰብሉ ትነት፣ ማለትም ETc፣ የሁለቱ ብዜት ነው።

```
ETc = Kc × ETo
```

ይህን አሠራር በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው 24ኛው የመስኖና የውሃ ፍሰት ጽሑፉ መሠረቱን ጣለ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው 56ኛው ጽሑፍ ደግሞ ስሌቱን በአንድ ቀመር አጸናው። ዛሬ በመስኖ ኮርስ የሚሰጠው ይኸው የሁለተኛው ጽሑፍ አሠራር ነው።

አየሩ የሚጠይቀው

የማጣቀሻው ሣር በሐሳብ የተበጀ ነው፤ ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ወጥ ሆኖ መሬቱን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ፣ ውሃ ያልተጓደለበት። የሣሩ ባሕርይ ከታወቀ በኋላ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጠው የአየሩ ጠባይ ብቻ ነው። ለስሌቱ የሚያገለግለው ቀመር እንግሊዛዊው ሃዋርድ ፔንማን በ1948 ያቀረበውና ጆን ሞንቴይዝ በ1965 ያሻሻለው ነው። ፋኦ ለማጣቀሻው ሣር ሲያስተካክለው ይህን መልክ ያዘ።

```
      0.408 Δ (Rn − G) + γ [900 / (T + 273)] u2 (es − ea)
ETo = ---------------------------------------------------
                 Δ + γ (1 + 0.34 u2)
```

ቀመሩ ሲታይ ያስፈራ እንደሆነ እንጂ የሚናገረው ግልጽ ነው። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ክፍል የፀሐይን ጉልበት ይወክላል። Rn ማሳው ላይ የሚቀረው የተጣራ ጨረር ነው፤ G ወደ አፈር የሚሰርገው ሙቀት ሲሆን በዕለት ስሌት ከዜሮ ስለማይርቅ ይተዋል። ሁለተኛው ክፍል ነፋስና ደረቅ አየር የሚወስዱትን ያሳያል። T አማካይ ሙቀት፣ u2 ከመሬት በ2 ሜትር ከፍታ የሚለካ የነፋስ ፍጥነት ነው። es አየሩ ሊሸከመው የሚችለው የእንፋሎት ግፊት፣ ea በትክክል የተሸከመው ነው፤ ልዩነታቸው አየሩ ምን ያህል እንደተጠማ ይነግራል። Δ በሙቀት፣ γ በቦታው ከፍታ የሚወሰኑ ቁጥሮች ናቸው።

ለምሳሌ በስምጥ ሸለቆ የዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ይወሰድ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ሥፍራ በበጋ ወራት በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረትበታል። ለልምምድ እንዲሆን አንድ የታኅሣሥ ቀን እንዲህ ነው ይባል፦ ከፍተኛው ሙቀት 28፣ ዝቅተኛው 12፣ አማካዩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ ነፋሱ በሰከንድ 2 ሜትር፤ የእንፋሎት ግፊቱ ልዩነት 1.29 ኪሎ ፓስካል፤ የተጣራው ጨረር በካሬ ሜትር 10.6 ሜጋ ጁል። በዚህ ሙቀት Δ 0.145፣ በዚህ ከፍታ γ 0.055 ነው። ከላይ ያለው የፀሐይ ክፍል 0.63፣ የነፋስና የድርቀቱ ክፍል 0.44 ይሆናል፤ ድምሩ 1.07 ነው። ከታች ያለው 0.24 ገደማ ስለሆነ ውጤቱ በቀን 4.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከቁጥሩ ይበልጣል። ከ4.5ቱ ሚሊ ሜትር 2.6 ያህሉ ከፀሐይ፣ ቀሪው ከነፋስና ከደረቅ አየር የመጣ ነው። ነፋሱ በእጥፍ ጨምሮ በሰከንድ 4 ሜትር ቢሆን ትነቱ በእጥፍ አያድግም፤ ወደ 5.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሳል። ምክንያቱም ነፋሱ በቀመሩ ውስጥ ከላይም ከታችም ስለሚገኝ ነው። ውሃን ወደ እንፋሎት የሚለውጠው ጉልበት ሲሆን፣ ነፋስ የሚያደርገው እንፋሎቱን ከቅጠሉ አጠገብ ማንሳት ነው።

ብዙ ጣቢያዎች ሙቀትን እንጂ ጨረርን፣ ነፋስንና እርጥበትን አይለኩም። ለዚህ ሃርግሪቭስ የሚባለው አነስተኛ ቀመር አለ።

```
ETo = 0.0023 × (T + 17.8) × √(Tmax − Tmin) × Ra
```

Ra ከከባቢ አየር በላይ ያለው የፀሐይ ጨረር ነው፤ በኬክሮስና በወር ከሠንጠረዥ ይነበባል። በሰሜን 8 ዲግሪ ኬክሮስ በታኅሣሥ ወር Ra ወደ 32 ሜጋ ጁል ስለሆነ፣ በ0.408 ሲባዛ 13.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በላይኛው ቀን ሙቀት ሲሰላ ውጤቱ እንደገና 4.5 ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥሙም፤ ነፋስ በሚበዛበት ቦታ ሃርግሪቭስ ዝቅ ያደርጋል፣ አየሩ በሚረጥብበት ቦታ ከፍ ያደርጋል። ቢሆንም የዋናውን ቀመር ውጤት ለመፈተን ይጠቅማል። በእንዲህ ያለ ቦታ የማጣቀሻ ትነት በቀን 12 ሚሊ ሜትር ከወጣ የተሳሳተ አሐድ ወይም የተሳሳተ መረጃ እንደገባ መጠርጠር ይገባል።

ሰብሉ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው

የሰብል ኮፊሸንት በዕድሜ ይለዋወጣል። ችግኝ ገና ሲተከል መሬቱ በአብዛኛው ባዶ ስለሆነ ትነቱ ከሣሩ ያንሳል። ቅጠሉ እየተስፋፋ ሲሄድ ያድጋል፤ ሰብሉ ሲሞላ ከሣሩ ይበልጣል ወይም ይስተካከላል፤ ሲበስልና ቅጠሉ ሲጠወልግ ዳግም ይወርዳል። ፋኦ ይህን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፦ መነሻ፣ ዕድገት፣ አማካይ እና ማብቂያ። ሠንጠረዡ የሚሰጠው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። በደረቁ ለሚሰበሰብ ቀይ ሽንኩርት እነዚህ 0.70፣ 1.05 እና 0.75 ናቸው። የመጀመሪያው ለመነሻው ደረጃ፣ ሁለተኛው ለአማካዩ፣ ሦስተኛው ለመጨረሻው ቀን ይሠራል። በዕድገትና በማብቂያ ደረጃዎች ኮፊሸንቱ በቀጥተኛ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለነዚህ ሁለት ደረጃዎች አማካዩ ይወሰዳል።

ችግኙ በታኅሣሥ 1 ቀን የተተከለ፣ በማሳ ላይ 100 ቀን የሚቆይ ቀይ ሽንኩርት ነው ይባል። የደረጃዎቹ ርዝመት ለልምምድ 20፣ 30፣ 35 እና 15 ቀን ነው፤ በእውነተኛ ማሳ ርዝመቱ የሚወሰነው በዝርያውና በቦታው ስለሆነ ከአካባቢው ገበሬ ወይም ከምርምር ማዕከል መረጃ መውሰድ ይሻላል። የማጣቀሻው ትነት ወደ መጋቢት ሲሄድ ከ4.5 ወደ 5.4 ከፍ ይላል።

| ደረጃ | ጊዜ | ቀን | ETo | Kc | ETc በቀን | ድምር (ሚ.ሜ) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| መነሻ | ታኅሣሥ 1–20 | 20 | 4.5 | 0.70 | 3.15 | 63 |
| ዕድገት | ታኅሣሥ 21–ጥር 20 | 30 | 4.8 | 0.875 | 4.20 | 126 |
| አማካይ | ጥር 21–የካቲት 25 | 35 | 5.2 | 1.05 | 5.46 | 191 |
| ማብቂያ | የካቲት 26–መጋቢት 10 | 15 | 5.4 | 0.90 | 4.86 | 73 |

ድምሩ 453 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሄክታር 4,530 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከጠቅላላው ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአማካይ ደረጃ ባሉት 35 ቀናት ውስጥ ይሄዳል። ሽንኩርቱ ኮረት የሚያበጀውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ኮፊሸንቱን በየደረጃው የመለወጡ ጥቅም የሚታየው ሲተው ነው። 453ቱ ሚሊ ሜትር ለ100 ቀን እኩል ቢከፋፈል በቀን 4.5 ይደርሳል። ጠቅላላው ውሃ ትክክል ሆኖ ሳለ ችግኙ ከሚያስፈልገው 44 በመቶ ይበልጥ ያገኛል፤ ኮረት የሚያበጀው ሽንኩርት ደግሞ 17 በመቶ ይጎድለዋል። በመጀመሪያ የበዛው ከሥሩ በታች ይሰርጋል፤ ኋላ የጎደለው ኮረቱን ያሳንሳል።

በሠንጠረዡ ያለው የመነሻ ቁጥር አስተማማኝ አይደለም። በዚያ ጊዜ ትነቱ የሚመጣው በዋነኝነት ከእርጥብ አፈር ስለሆነ መሬቱ ስንት ጊዜ እንደሚረጥብ ይወስነዋል። ውሃ በየሁለት ቀን የሚጠጣ ማሳ ከ0.70 በላይ ሊተን ይችላል፤ በሳምንት አንዴ የሚጠጣ ማሳ ከዚያ ያነሰ ይተናል። የአማካዩ ቁጥር ግን ጸንቶ ይቆማል። የተለካው ነፋስ በሰከንድ 2 ሜትር፣ ዝቅተኛው የአየር እርጥበት 45 በመቶ በሆነበት ሁኔታ ነው፤ ዝቅ ያለ ሰብል የሆነው ሽንኩርት በደረቅ አየር የሚጨምረው ጥቂት ነው። በምሳሌው ቀን እርጥበቱ 34 በመቶ ገደማ ቢወርድም 1.05ቱ ወደ 1.07 ብቻ ይጠጋል። እንደ በቆሎ ያለ ረጅም ሰብል ላይ ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋል።

ከማሳው እስከ ፓምፑ

453 ሚሊ ሜትር ሰብሉ የሚጠቀመው ነው፤ ገበሬው የሚያጠጣው ግን አይደለም። በመጀመሪያ ዝናብ ይቀነሳል። የሚቀነሰው የወረደው ሁሉ ሳይሆን ሰብሉን የሚጠቅመው ክፍል ነው፤ ከፊሉ በገጽ ይፈስሳል፣ ጥቂት ዝናብም ወደ ሥሩ ሳይደርስ ይተናል። ወሩ ከ75 ሚሊ ሜትር በታች ከዘነበ ፋኦ ጠቃሚውን ዝናብ በዚህ ያሰላል።

```
Pe = 0.6 × P − 10
```

በታኅሣሥ 5፣ በጥር 20፣ በየካቲት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና መጋቢት ደረቅ ቢሆን የታኅሣሡ ውጤት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ዜሮ ይባላል፤ የጥሩ 2፣ የየካቲቱ 14 ይሆናል። በጠቅላላው ከ65 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጠቅመው 16 ብቻ ነው። ስለዚህ የተጣራው የመስኖ ፍላጎት 437 ሚሊ ሜትር ነው።

ቀጥሎ ብክነት ይታሰባል። በቦይ የሚለቀቅ ውሃ ከሥሩ በታች ይሰርጋል፣ በቦዩ ጫፍ ይተርፋል። ፋኦ ለማሳ ውስጥ አጠቃቀም ብቃት የሚሰጠው የመነሻ ግምት ለቦይ መስኖ 60፣ ለርጭት 75፣ ለጠብታ 90 በመቶ ነው። 437 ለ0.60 ሲካፈል 728 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በሄክታር 7,280 ሜትር ኩብ። በጠብታ መስኖ ግን 486 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የሽንኩርቱ ፍላጎት በሁለቱም አንድ ነው፤ የሚለያየው የውሃው መንገድ ነው። ውሃው ከሩቅ በአፈር ቦይ የሚመጣ ከሆነ የቦዩ ብክነት ለብቻው ይጨመራል።

የመጨረሻው ጥያቄ ውሃው በስንት ቀን ልዩነት ይጠጣ የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው አፈሩ ነው። መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት 140 ሚሊ ሜትር ያህል ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል። የሽንኩርት ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ 56 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ይህን ሁሉ እስኪጨርስ መጠበቅ ግን አይቻልም፤ ሽንኩርት ውሃ ቶሎ ከሚጠማቸው ሰብሎች አንዱ ስለሆነ 30 በመቶው ሲያልቅ ዳግም መጠጣት አለበት። 30 በመቶው ወደ 17 ሚሊ ሜትር ነው። በአማካዩ ደረጃ በቀን 5.46 ስለሚሄድ በሦስት ቀን ያልቃል። በየሦስት ቀኑ 16.4 ሚሊ ሜትር፣ ብክነት ሲጨመር 27 ሚሊ ሜትር ገደማ መልቀቅ ያስፈልጋል። ለሩብ ሄክታር ይህ 68 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ስለሚሰጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል።

በየሳምንቱ አንዴ ከፍ አድርጎ ማጠጣት ይህን አይተካም። አፈሩ መያዝ የሚችለው ልኩን ስለሆነ ትርፉ ወደታች ይሰርጋል፤ ከአራተኛው ቀን በኋላ ሽንኩርቱ ይጠማል። ጠቅላላው ውሃ በዝቶ ሰብሉ የሚጎዳው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። በመከር መቃረቢያም ሠንጠረዡ እንዳለ አይሠራም፤ የሽንኩርቱ ቅጠል አንገቱ ላይ እየተጠመዘዘ መውደቅ ሲጀምር መስኖው ይቆማል፣ ኮረቱ እንዲደርቅና በመጋዘን እንዳይበሰብስ። ስለዚህ ከ73ቱ ሚሊ ሜትር ከፊሉ በአፈሩ ውስጥ ከቀረው ውሃ ይሸፈናል እንጂ አይለቀቅም።

ስሌቱ የሚስትበት ቦታ

ስሕተቱ በአብዛኛው የሚነሣው ከቀመሩ ሳይሆን ከመረጃው ነው። የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ነፋስን በ10 ሜትር ከፍታ ሊለኩ ይችላሉ፤ ቀመሩ ግን የ2 ሜትሩን ይፈልጋል። የ10 ሜትሩ በ0.748 መባዛት አለበት። በ10 ሜትር የተለካ 2.7 ሜትር በሰከንድ ሳይስተካከል ቢገባ 4.5ቱ ሚሊ ሜትር 4.8 ይሆናል፤ በየዕለቱ ከሚገባው 8 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሌላው ጣቢያው የቆመበት ቦታ ነው። በደረቅ ሜዳ ወይም በአስፋልት አጠገብ የሚለካው አየር ከመስኖ ማሳው አየር ይልቅ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ትነቱን ያጋንናል።

ሌላው ገደብ ከሰብሉ ኮፊሸንት ይመጣል። ቁጥሩ ጤናማና ውሃ ያልጎደለበት ሰፊ ማሳን ያስባል። ክፍተት ያለበት፣ ጨው የበዛበት ወይም አረም የያዘው ማሳ ከተሰላው ያነሰ ወይም የተለየ ውሃ ይጠቀማል። በደረቅ ሜዳ መካከል ያለች ጠባብ ማሳ ደግሞ ከዙሪያዋ የሚመጣው ሞቃት አየር ስለሚያገኛት ከተሰላው በላይ ትተናለች።

የእጅ ስሌቱ አንዴ ከተረዳ በኋላ ፋኦ ያዘጋጀው CROPWAT የተባለው ፕሮግራም ቁጥሮቹን በየአሥር ቀኑ ከፋፍሎ ያሰላል፤ CLIMWAT ደግሞ የጣቢያዎችን የረጅም ጊዜ አማካይ መረጃ ያቀርባል። አማካይ መረጃ ግን ለዕቅድ እንጂ ለዘንድሮ ሙቀትና ነፋስ አይደለም። የስሌቱ ትክክለኛነት የሚፈተነው በማሳው ላይ ነው። ከማጠጣቱ በፊት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ የወጣው አፈር በእጅ ሲጨመቅ ይፈርስ እንደሆነ ማሳው ጠምቶታል፤ ልዩነቱ ይጠር። ከመጠጣቱ በኋላ በማግስቱ ከሥሩ ጥልቀት በታች ያለው አፈር ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ የተለቀቀው በዝቷል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚለቀቀው ይቀነስ። በምሳሌው ማሳ እነዚህ ሁለት ምልክቶች የማይታዩ ከሆነ በየሦስት ቀኑ የሚለቀቀው 27 ሚሊ ሜትር ለዚያ አፈርና ለዚያ ደረጃ ልኩ ነው።